ሽያጭ ሲቀነስ ግዥ ትርፍ አይደለም

ጥያቄ፦

ሐዋሳ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች ስለሆኑ በዱቤ ወስደው ደመወዝ ሲወጣ ይከፍሉኛል። ሽያጩን በአንድ ደብተር፣ ግዥውን በሌላ ደብተር በእጄ እጽፋለሁ። የጥቅምትን ወር ስደምረው ሽያጩ 118,400 ብር፣ ግዥው 145,750 ብር ሆነብኝ። ወንድሜ ደብተሩን አይቶ «ከ27 ሺህ ብር በላይ ከስረሻል፤ የወጣልሽን ዕቁብም ሱቁ በልቶታል፤ ዝጊው» አለኝ። እኔ ግን መደርደሪያው ከመቼውም ጊዜ በላይ ሞልቶ ነው የማየው። መስከረም 30 ማታ ከእርሱ ጋር ሽርክናችንን ስናፈርስ ዕቃውን በመግዣ ዋጋ ቆጥረን 64,300 ብር ነበር። ጥቅምት 30 ማታ ደግሞ ብቻዬን ቆጥሬ 88,150 ብር አገኘሁ። አትርፌአለሁ ወይስ ከስሬአለሁ? የደብተሮቹንና የቆጠራውን ገጾች በፎቶ ልኬያለሁ።

ባለሱቋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ አልከሰሩም። ሱቁ በጥቅምት ወር 6,400 ብር የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። ይህ ግን እፎይ ብለው የሚተኙበት ትርፍ አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ አብረን እንየው፤ የኅዳርን ሒሳብ ራስዎ መሥራት አለብዎትና።

ወንድምዎ በድምሩ አልተሳሳቱም፣ ቁጥራቸው ልክ ነው። የተሳሳቱት ከሁለቱ ደብተሮች ልዩነት ትርፍ ይወጣል ብለው ማሰባቸው ላይ ነው። ጥቅምት 29 ቀን የገዙት ካርቶን ሳሙና እስካሁን ሳይከፈት ተቀምጧል። ገንዘቡ ከእጅዎ ወጥቷል፣ ነገር ግን ሳሙናው ስላልተሸጠ የጥቅምት ወጪ አይደለም። በተቃራኒው በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት የሸጡት ዘይት በመስከረም የተገዛ ነው፤ በጥቅምት የግዥ ደብተር ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም። ስለዚህ ከሽያጩ የሚቀነሰው በወሩ ውስጥ የተገዛው ሳይሆን በወሩ ውስጥ የተሸጠው ዕቃ የመግዣ ዋጋ ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም ደብተር ብቻውን አይናገርም። የሚገኘው በቆጠራ ነው፦ ወሩ ሲጀምር የነበረው ዕቃ ላይ በወሩ የተገዛው ይደመራል፣ ወሩ ሲያልቅ የቀረው ይቀነሳል። መስከረም 30 መቁጠርዎ በጀ፤ ያ ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ምንም ልልዎት አልችልም ነበር።

ከሽያጩ ደብተር እንጀምር። ፎቶዎቹን ካየሁ በኋላ በስልክ እንዳጫወቱኝ፣ በየማታው የሚጽፉት በመሳቢያ ውስጥ ያገኙትን ጥሬ ገንዘብና በቴሌብር የገባውን ነው። እንግዲያው ያ ደብተር የሽያጭ ሳይሆን የገቢ ደብተር ነው፤ ስሙ ሽያጭ ቢባልም። ሁለት ነገር ጎድሎታል።

አንደኛው ከመሳቢያው ላይ ለአስቤዛ የሚወስዱት ነው። በገጾቹ ጠርዝ ላይ በትንንሹ «ለሽንኩርት 120»፣ «ለልጅ ደብተር 200» እያሉ ጽፈዋል፤ ይህን ማድረግዎ ያስመሰግናል። ነገር ግን ገንዘቡን ካነሡ በኋላ የቀረውን ስለሚቆጥሩ የተሸጠው ዕቃ ከሽያጭ ወጥቶ ቀርቷል። የጠርዝ ጽሑፎቹን ሁሉ ስደምራቸው 4,200 ብር ሆኑ። ይህ ገንዘብ መጀመሪያ ሽያጭ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው የቤት ወጪ የሚሆነው። ስለዚህ 118,400 ላይ ሲደመር 122,600 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው ዱቤው ነው። በጥቅምት ደመወዝ ሲወጣ የተከፈለዎት ገንዘብ ውስጥ የመስከረም ዕዳ አለበት፤ እርሱ በመስከረም የተሸጠ ዕቃ ነው። በጥቅምት በዱቤ ሰጥተው ገና ያልተከፈለዎት ደግሞ የጥቅምት ሽያጭ ሆኖ ሳለ በደብተሩ ላይ የለም። እያንዳንዱን ስም እየለቀሙ ማጣራት አያስፈልግም። የዱቤ ደብተሩ ላይ ያልተሰረዘውን ዕዳ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ መደመር ይበቃል። መስከረም 30 ያልተሰበሰበው 19,600 ብር ነበር፤ ጥቅምት 30 ደግሞ 27,300 ብር ሆኗል። ልዩነቱ 7,700 ብር ነው። ዱቤው ስላደገ እንደምረዋለን፤ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ እንቀንሰው ነበር። እውነተኛው የጥቅምት ሽያጭ 130,300 ብር ነው።

አሁን ወደ ግዥው እንለፍ። ይህ ደብተር ከሽያጩ ይልቅ አስቸግሮኛል፤ ምክንያቱም ከሱቁ ገንዘብ የወጣ ሁሉ «ግዥ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጽሕፈትዎም አንዳንዴ ያደናግራል። የጥቅምት 17 መስመር «ስኳር 50» ይልና አጠገቡ ያለው ቁጥር 600 ይሁን 6,000 ከፎቶው አይለይም። እንዲህ ሲገጥምዎት ብሩን ለብዛቱ ያካፍሉ። 600 ለ50 ኪሎ 12 ብር ነው፤ በዚህ ዋጋ ስኳር የሚሸጥ ሰው ካገኙ ለእኔም ይጠቁሙኝ። 6,000 ሲካፈል ኪሎው 120 ብር ይመጣል፣ የገጽዎ ድምርም የሚገጥመው በዚህ ቁጥር ነው። ከብሩ ጎን ብዛቱን ከነመለኪያው፣ ኪሎም ይሁን ካርቶን ወይም ደርዘን፣ የሚጽፍ ሰው የራሱን ስሕተት ከወር በኋላም ማግኘት ይችላል። «ስኳር 6,000» ብቻ ብለው ቢሆን ኖሮ ማጣሪያ አልነበረንም።

የ145,750 ብሩን መስመሮች በሦስት ክምር ለየኋቸው። የመጀመሪያው ለመሸጥ የተገዛ ዕቃና እርሱን ሱቅ ድረስ ያመጣው የባጃጅ ክፍያ ነው። የማጓጓዣው ዋጋ የዕቃው ዋጋ አካል ስለሆነ ከዕቃው ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው ሱቁ ከፍቶ እንዲውል የሚከፈል ወጪ ነው፦ የቤት ኪራይ 6,000 ብርና መብራት 450 ብር። ሦስተኛው ክምር ውስጥ የገቡት ከወሩ ትርፍና ኪሳራ ጋር በቀጥታ የማይገናኙ ናቸው፦ ለአናጢ የከፈሉት የአዲሱ መደርደሪያ 7,200 ብርና አራት ሳምንት የጣሉት የዕቁብ 6,000 ብር። ከዕቃ ውጪ ያሉት አራቱ ተደምረው 19,650 ብር ይሆናሉ። ይህ ሲወጣ በእርግጥ ለዕቃ የተከፈለው 126,100 ብር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የጎደለም አለ። የብስኩትና የለስላሳ አከፋፋዩ ጥቅምት 28 የሰጠዎትን ዕቃ ገንዘቡን ኅዳር 5 ስለሚከፍሉ በደብተሩ አልጻፉትም። ዕቃው ግን መደርደሪያ ላይ ነው፣ በቆጠራዎ ውስጥም ገብቷል። የተቆጠረ ዕቃ ያልተገዛ መስሎ ከታየ ትርፉ በሙሉ ዋጋው ያብጣል። ስለዚህ ያን 5,400 ብር እንጨምርና የጥቅምት ግዥ 131,500 ብር ይሆናል። የዚህ ዓይነት ዕዳ ከመስከረም የዞረ እንደሌለ ነግረውኛል፤ ቢኖርና በጥቅምት ከፍለው ጽፈውት ቢሆን ደግሞ መቀነስ ነበረብን።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ባለሱቅ የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ የእርስዎም ትልቁ ስሕተት እዚሁ ነው። መስከረም 30 ከወንድምዎ ጋር ሲቆጥሩ ዋጋው የመግዣ ነበር። እርሳቸው ድርሻቸውን የሚቀበሉት በመግዣ ዋጋ ስለሆነ ተጠንቅቃችሁ ይሆናል። ጥቅምት 30 ብቻዎን ሲቆጥሩ ግን በአፍዎ ላይ ያለውን፣ ማለትም ለደንበኛ የሚናገሩትን ዋጋ ጽፈዋል። ፓስታውን እንውሰድ። ዝርዝርዎ 67 ፍሬ በ70 ብር፣ 4,690 ብር ይላል። በግዥው ደብተር ላይ ግን 20 ፍሬ የያዘው አንድ ካርቶን በ1,240 ብር ተገዝቷል፤ አንዱ 62 ብር ማለት ነው። ሦስት ካርቶንና ሰባት ፍሬው በመግዣ ዋጋ 4,154 ብር ብቻ ያወጣል። ልዩነቱ 536 ብር ገና ያልተሸጠ ፓስታ ትርፍ ነው፤ ደንበኛው መጥቶ እስኪገዛው ድረስ የእርስዎ አይደለም።

እያንዳንዱን መስመር እንዲሁ ከግዥው ደብተር ዋጋ ጋር እያገናዘብኩ ስመልሰው 88,150 ብሩ ወደ 77,800 ብር ወረደ። የ10,350 ብር ልዩነት ነው። ይህን ሳናስተካክል ብናልፍ ኖሮ የጥቅምት ትርፍዎ 16,750 ብር ይመስል ነበር፤ ከወንድምዎ ስሕተት የሚብሰው ይሄኛው ነው። የከሰረ የመሰለው ሰው ቢያንስ እጁን ይሰበስባል፤ ያተረፈ የመሰለው ግን ያወጣል።

ስለ ዋጋ ሌላም ልጨምር። ባለ 5 ሊትሩ ዘይት በወሩ መጀመሪያ በአንድ ዋጋ፣ በወሩ መጨረሻ በሌላ ዋጋ ተገዝቷል። ለተመሳሳይ ዕቃ ሁለት ዋጋ ሲገጥምዎት አሮጌው ዕቃ ቀድሞ ይሸጣል ብለው ያስቡ፤ የቀረው በመጨረሻው የተገዛ ስለሚሆን በመጨረሻው የመግዣ ዋጋ ይቆጠራል። ነገር ግን አከፋፋዩ ዛሬ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ከሁለት ወር በፊት በርካሽ ገዝተው ያስቀመጡትን ዕቃ በአዲሱ ዋጋ አይጻፉት። ጊዜው ያለፈበት ብስኩትና ውኃ የነካው ዱቄት ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም፤ በዚህ መንገድ ኪሳራው በራሱ በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። የለስላሳ ባዶ ጠርሙስና ሳጥን በሌላ መስመር ይቆጠር፤ መያዣው የሚመለስ ገንዘብ እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

እንግዲህ የተሸጠውን ዕቃ የመግዣ ዋጋ ማውጣት እንችላለን። መስከረም 30 የነበረው 64,300 ብር እና በጥቅምት የተገዛው 131,500 ብር 195,800 ብር ይሆናል። የቀረው 77,800 ሲቀነስ 118,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ከሱቁ ወጥቷል። ሁሉም ግን አልተሸጠም። ከመደርደሪያው አንሥተው ወደ ቤት የወሰዱት ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታና ሳሙና አለ። የልጅዎን ስም በርዕስነት ጽፈው በደብተሩ ጀርባ የመዘገቡትን በመግዣ ዋጋ ስደምረው 3,150 ብር መጣ። እርሱ ቤትዎ ገብቷል እንጂ ለደንበኛ አልተሸጠም፤ ስለዚህ ሲወጣ የተሸጠው ዕቃ 114,850 ብር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ደስ የማይል ነው። በዱቤ ደብተርዎ ላይ ካለው 27,300 ብር ውስጥ 2,400 ብሩ ሥራ ለቀው ወደ ትውልድ ቦታቸው የሄዱ ሁለት ልጆች ዕዳ እንደሆነ፣ ስልካቸውም እንደማይሠራ ነግረውኛል። ይህን «የሚሰበሰብ» ብሎ ማቆየት ራስን ማታለል ነው። የፓርኩን ሠራተኛ በዱቤ የሚያስተናግድ ባለሱቅ የፋብሪካው ዕጣ የእርሱም ዕጣ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ወደ ገበያዋ ከሚያስገባው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስታስወጣ ከፓርኩ ለቀው የወጡ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሠራተኛው ሲሄድ የዱቤ ደብተሩ ላይ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ 2,400 ብሩን የጥቅምት ወጪ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ከልጆቹ አንዱ አንድ ቀን ቢልክልዎት በዚያ ወር ገቢ አድርገው ይጽፉታል።

የመደርደሪያው 7,200 ብርስ? በአንድ ወር አያልቅም፣ ስለዚህ በአንድ ወር ላይ አይጫንም። ሦስት ዓመት ያገለግላል ብንል በ36 ወር ተካፍሎ ለየወሩ 200 ብር ይደርሳል። ሁሉንም ሳስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፦

ሽያጭ፦ 130,300 ብር
የተሸጠው ዕቃ የመግዣ ዋጋ፦ 114,850 ብር
ጥቅል ትርፍ፦ 15,450 ብር
የቤት ኪራይ፦ 6,000 ብር
መብራት፦ 450 ብር
የመደርደሪያ ድርሻ፦ 200 ብር
የማይሰበሰብ ዱቤ፦ 2,400 ብር
የተጣራ ትርፍ፦ 6,400 ብር

ግብሩ በዚህ ውስጥ የለም። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ዓምና የከፈሉትን ለ12 አካፍለው በየወሩ ለብቻ ቢያስቀምጡ ሐምሌ ላይ አያስደነግጥዎትም።

ዕቁቡን ሆን ብዬ ወደዚህ አመጣሁት፤ ወንድምዎ ሱቁ በላው ያሉት እርሱን ነውና። በሳምንት 1,500 ብር የሚጣልበት የ24 ሰው ዕቁብ በጥቅምት ወጥቶልዎት 36,000 ብር ተቀብለዋል። ይህ ገቢ አይደለም፣ ትርፍም አይደለም። ከፊሉ ቀድመው የጣሉት የራስዎ ገንዘብ ነው፣ የቀረው ገና የሚጥሉት፣ ማለትም ዕዳ ነው። በየሳምንቱ የሚጥሉትም እንዲሁ ወጪ አይባልም። ገንዘቡ ግን አልጠፋም። ክምችቱ ከ64,300 ወደ 77,800 አድጓል፤ ዱቤው የማይሰበሰበው ከወጣ በኋላም 24,900 ብር ሆኗል፤ መደርደሪያው ቆሟል፤ መሳቢያውም ውስጥ ከበፊቱ የበለጠ ብር አለ። ሱቁ ሞልቶ የታየዎት ዓይንዎ ስለዋሸ አይደለም። የሞላው ግን በትርፍ ሳይሆን በዕቁቡ ነው።

ይህን ሁሉ ቁጥር ከማመኔ በፊት አንድ ማጣሪያ ሠርቻለሁ፣ እርስዎም በየወሩ ይሥሩት፤ የሚፈጀው የቡና ሰዓት ያህል ነው። መስከረም 30 ማታ በመሳቢያና በስልክዎ 5,200 ብር ነበረዎት። በጥቅምት 118,400 ብር ገባ፣ ዕቁቡ 36,000 ብር ጨመረ፣ ከግዥው ደብተር 145,750 ብር ወጣ። ስለዚህ ጥቅምት 30 ማታ በእጅዎ 13,850 ብር መገኘት ነበረበት። እርስዎ የቆጠሩት 13,300 ብር ነው። ለአስቤዛ የወሰዱትን እዚህ ያላስገባሁት ከ118,400 ብሩ ውስጥ ቀድሞ ስለወጣ ነው፤ ሁለት ጊዜ መቀነስ ይሆናል። የጎደለው 550 ብር ሳይጻፍ የወጣ ትንንሽ ነገር ይሆናል፤ በዚህ መጠን ብዙ አልጨነቅም። ልዩነቱ ሺዎችን ቢሻገር ግን ትርፉን ከማስላቴ በፊት ደብተሩን መልሼ እፈትሽ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በገጽ መዞሪያ ላይ ነው፦ የታችኛው ድምር ወደ ሚቀጥለው ገጽ ሲዞር አንድ አኃዝ ይለወጣል ወይም ድምሩ ሁለት ጊዜ ይገባል። ልዩነቱ ለ9 እኩል የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል፤ 2,730 ሊጻፍ 2,370 ሲጻፍ ልዩነቱ 360 ነው፣ 360 ለ9 ይካፈላል።

ቅድም እነግርዎታለሁ ያልኩት ይኸው። ከሱቁ ለቤት የወጣው በጥሬ ገንዘብ 4,200፣ በዕቃ 3,150፣ በጠቅላላው 7,350 ብር ነው። ትርፉ 6,400 ነበር። ቤትዎ ሱቁ ካተረፈው 950 ብር በላይ በልቷል ማለት ነው፤ ያልተጻፈው 550 ብርም ቤት ገብቶ ከሆነ 1,500 ብር ይደርሳል። በዕቁቡ ብር ምክንያት አልተሰማዎትም። ከዚህም ሌላ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው የሚሸጡበት የራስዎ ጉልበት በወጪው ውስጥ አልተከፈለም፤ 6,400 ብሩ ራሱ ደመወዝዎ ነው። ለሌላ ሰው ሱቅ ተቀጥረው ቢሠሩ ስንት ያገኙ እንደነበር ከዚህ ቁጥር ጋር የሚያወዳድሩት እርስዎ ነዎት። «ዝጊው» ለሚለው የእኔ አስተያየት ግን አይዝጉት የሚል ነው። ጥቅል ትርፍዎ ከ100 ብር ሽያጭ ወደ 12 ብር ገደማ ነው፣ ሱቁ በዋጋው አልወደቀም። ትርፉን የበላው በዋናነት ኪራይና የቀረው ዱቤ ነው። የመጀመሪያውን በአንድ ወር መለወጥ አይችሉም፤ ሁለተኛውን ይችላሉ። ለአንድ ሰው የሚሰጡት ዱቤ ከዚህ በላይ አያልፍም የሚሉት ገደብ ያውጡ፣ የመስከረምን ሳይከፍል የጥቅምትን ለጠየቀ እምቢ ይበሉ።

በደብተሮቹ ላይ ብዙ ለውጥ አልጠይቅዎትም። የግዥው ደብተር ገጽ በሁለት መስመር ተሰንጥቆ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ዕቃ፣ የሱቅ ወጪ፣ ሌላ። ዕቁብና መደርደሪያ ሦስተኛው ውስጥ ይግቡ። ዕቃ በዱቤ ሲገባ በገባበት ቀን ይጻፍ፣ ጎኑ ላይ «አልተከፈለም» ይባልበት። ከመሳቢያ የሚነሣ ገንዘብ ከማታው ቆጠራ በፊት በወረቀት ላይ ይዋልና ከቆጠራው ጋር ተደምሮ ይጻፍ። በወሩ 30ኛ ቀን ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይቆጠር፤ አንድ ሰው ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ፤ ተከፍቶ የተጀመረ ስኳርና ዱቄት በዓይን ሳይሆን በሚዛን ይሁን። በ30ኛው ቀን ካልተመቸዎትና ኅዳር 3 ከቆጠሩ፣ በሦስቱ ቀን የገባውን ዕቃ ቀንሰው፣ የተሸጠውን በመግዣ ዋጋ ደምረው ወደ 30 ይመልሱት፤ ከመቶው 12 ትርፍ ነው ካልን የ10,000 ብር ሽያጭ የመግዣ ዋጋ 8,800 ብር ያህል ነው። ግምት ነው፤ ደግሞ ደጋግመው አይልመዱት። ጳጉሜንን ለብቻዋ አይሥሯት። በእርሷ ቀናት ሽያጭ አለ፣ ብዙ አከራይ ግን ኪራይ አይቀበልባትም፤ ከነሐሴ ጋር ካልተያያዘች ሐሰተኛ ትርፍ ታሳይዎታለች።

ኅዳርን የሚጀምሩት በእነዚህ ቁጥሮች ነው፦ ክምችት 77,800 ብር፣ የሚሰበሰብ ዱቤ 24,900 ብር፣ በእጅ ያለ 13,300 ብር፣ ለአከፋፋዩ የሚከፈል 5,400 ብር። ኅዳር 5 ያን 5,400 ብር ሲከፍሉ በደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ይጻፉት እንጂ ዕቃ ብለው አይመዝግቡት፤ በጥቅምት አንድ ጊዜ ተገዝቷል።